«ስንዴው ቢጫ ሆኗል» ብለህ ብቻ አትላክ

ጥያቄ፦ «ሰላም ባለሙያዎች። ሰሜን ሸዋ ውስጥ አንድ ቀበሌ ላይ የሰብል ልማት ሠራተኛ ሆኜ ከተመደብኩ ገና ወራት ነው። ከመስክ በተመለስኩ ቁጥር ሪፖርት እጽፋለሁ፤ ሱፐርቫይዘሬ ግን ‹ይሄን አንብቤ ምን ላድርግ?› እያለ ይመልስልኛል። ሰሞኑን ስንዴ ላይ ዋግ ታየ ተብሎ ማሳ ለማሳ እየዞርኩ ነው። ያየሁትን፣ ገበሬው ያለኝን እና ቀጣዩን ሥራ እንዴት ብጽፈው ይጠቅማል? ቅጹ ላይ ያለው ቦታ ራሱ ትንሽ ነው።»

ምላሽ፦

ቢያናድድህም ሱፐርቫይዘርህ ልክ ነው። የዋግ ሪፖርት የሚነበበው አንድ ነገር ለመወሰን ነው፦ ኬሚካል ይውጣ አይውጣ፣ ከወጣስ መጀመሪያ ለማን ይድረስ። ወረዳ ያለው የእፅዋት ጥበቃ ባለሙያ ማሳህን አላየም። በአንተ ወረቀት ነው የሚያየው። ወረቀቱ ላይ «የዋግ በሽታ ተከስቷል፣ ለአርሶ አደሮች ምክር ተሰጥቷል» ከሆነ ያለው፣ ሰውየው እውነትም ምንም ማድረግ አይችልም።

ጊዜም አይሰጥህም። ቢጫ ዋግ ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ይወዳል፣ ማለትም የእናንተን ደጋ በመስከረም። ብናኙ ጤነኛ ቅጠል ላይ አርፎ፣ እንደገና ብናኝ የሚያወጣ አዲስ ቁስል እስኪሆን ሁለት ሳምንት ግድም ነው የሚፈጅበት። ስለዚህ ዛሬ የምታየው የሁለት ሳምንት በፊቱን ነው። ዛሬ ገብቶ ገና ያልታየው ሌላ ነው። ሪፖርቱ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሳምንት ካደረ የጻፍከው ማሳ ሌላ ማሳ ሆኗል። በዚህ ምክንያት የማሳውን ፍሬ ነገር በዚያው ቀን በስልክ ወይም በቴሌግራም ላክ፣ ቅጹ በኋላ ይድረስ።

እንግዲህ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። መስከረም 8 ነው እንበል። አንድ ጎጥ ውስጥ ያለ ኩታ ገጠም ስንዴ ልታይ ወጣህ። 11 አባወራና እማወራ፣ በድምሩ 18 ጥማድ። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ነውና 4.5 ሄክታር ማለት ነው። ከመንገድ ዳር ሆነህ ስታየው መሐሉ ላይ ቢጫ ጠቃጠቆ አለ።

እዚህ ጋ ነው ብዙ ልጆች የሚቸኩሉት። ቢጫ የሆነ ሁሉ ዋግ አይደለም። በተለይ መረሬ አፈር ላይ ውኃ የተኛበት ስንዴም ቢጫ ይሆናል፣ ዩሪያ ያነሰውም ቢጫ ይሆናል። ልዩነቱን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግህም፤ ቅጠሉን በጣትህ አሸት አድርገው። ዋግ ከሆነ ጣትህ ላይ ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ዱቄት ይቀራል፣ ነጭ ሱሪ ለብሰህ ከገባህማ ጉልበትህ ድረስ ይናገራል። ውኃ የተኛበት ወይም ናይትሮጅን ያጣ ከሆነ ዱቄት የለም፤ ቢጫነቱም ከታችኛው ቅጠል፣ ከጫፉ ይጀምራል፤ ውኃ ሲሆን ደግሞ ረባዳውን ቦታ ተከትሎ ነው የሚታየው። ዱቄት የሌለው ቡናማ ምልክት ሆኖ ውስጡ ጥቃቅን ጥቁር ነጥብ ካየህ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው፤ ሴፕቶሪያ ይሉታል። ይህን ሳትለይ «ቢጫ ሆኗል» ብለህ ከላክህ፣ ቦይ የሚያስፈልገው ማሳ ላይ ኬሚካል ታስረጫለህ።

ዱቄቱ ካለ ደግሞ የትኛው ዋግ ነው? ቢጫ ዋግ አድጎ የቆመ ስንዴ ላይ የቅጠሉን ጅማት ተከትሎ እንደ መስመር ይሰለፋል። የቅጠል ዋግ ክብ ክብ ሆኖ ዝም ብሎ የተበታተነ ነው፣ ቀለሙም ወደ ቡናማ ይጠጋል። የግንድ ዋግ የሸክላ ቀለም አለው፤ አገዳውንና አገዳውን የሸፈነውን ቅጠል ሰንጥቆ ይወጣል፣ ስትነካው ይሻክርሃል። ግንድ ዋግ ካየህ ቅጹን አትጠብቅ፣ ማሳው ላይ ቆመህ ደውል። ሞቅ ሲል ነው የሚብሰው፤ ዘግይቶ መጥቶም ለአጨዳ የደረሰ የሚመስለውን ማሳ ባዶ ያደርገዋል። ናሙና ላክ ከተባልክ አገዳውን ቆርጠህ በወረቀት ፖስታ አድርገው። በፌስታል ከሆነ ይሻግታል፣ ማንም አይመረምርልህም።

ወደ ማሳችን እንመለስ። ጠርዝ ጠርዙን አትይ። ጥቂት እርምጃ ወደ ውስጥ ገብተህ ማሳውን በዚግዛግ አቋርጠው፤ አምስት ቦታ ቁም፣ በያንዳንዱ ቦታ ሳትመርጥ አሥር አሥር አገዳ ተመልከት። ሳትመርጥ ያልኩት ዓይናችን የታመመውን እየፈለገ ስለሚያስቸግር ነው። ከ50ው 22ቱ ላይ ዋግ አገኘህ እንበል፤ ስርጭቱ 44 በመቶ ነው። ቀጥሎ የታመሙት ቅጠሎች ላይ ዋጉ ከቅጠሉ ምን ያህሉን ሸፍኗል? በዓይን ገምት፦ 5 በመቶ፣ 10፣ 20 እያልክ። ይህ ክብደቱ ነው። ሁለቱን አታደባልቅ። 44 በመቶ አገዳ ላይ አምስት በመቶ ቅጠል መሸፈንና 44 በመቶ አገዳ ላይ ግማሽ ቅጠል መሸፈን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፤ አንዱን ብቻ ከጻፍክ አንባቢው የትኛው እንደሆነ አያውቅም።

ከዚያ ሰብሉ የደረሰበት ደረጃ። ይህን ሳይጽፍ የሚልክ ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ግን መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ነው። እህሉን የሚሞላው በአብዛኛው ከዛላው ሥር ያለው የመጨረሻው ቅጠል ነው። ዋጉ ገና ታች ታች ቅጠል ላይ ሆኖ ስንዴው ዛላ ሊያወጣ ሲል ካገኘኸው፣ መርጨት ያን ቅጠል ያድናል። ፍሬው ሊጥ መስሎ ወደ መጠንከር ከሄደ ግን ኬሚካሉ የገበሬውን ገንዘብ ከመብላት ያለፈ ብዙም አይፈይድም። አንድ ዓይነት ዋግ፣ አንድ ዓይነት ስርጭት፣ ሁለት ተቃራኒ ውሳኔ። ስለዚህ «ዛላ ሊያወጣ ሆዱን የነፋ፣ ዋጉ ከላይ ሁለተኛው ቅጠል ላይ ደርሷል፣ የመጨረሻው ቅጠል ገና ንጹሕ ነው» ብለህ ጻፍ። ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ቅጹን ሙሉ ትበልጣለች።

የዝርያውንም ስም ጻፍ። «ምርጥ ዘር ነው» የዝርያ ስም አይደለም። ዳንዳአ ነው? ካካባ ነው? ከማኅበሩ የወጣ ነው ወይስ ገበሬው ካለፈው ዓመት ያስቀረው? የጆንያው ምልክት ቤት ካለ አስወጥተህ አንብበው፤ ገበሬው በራሱ የመንደር ስም ሊጠራው ይችላልና። ይህ ለወግ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. መግቢያ ቢጫ ዋግ አገሩን ሲያጠቃ፣ ኩብሳ የሚባለው ዝርያ በሰፊው ተዘርቶ ስለነበር ጉዳቱ ያን ያህል ከፋ። ቢጫ ዋግ የሚቋቋመው ዲጋሉ ኩብሳን ተክቶ ተስፋፋ፤ በ2006 ደግሞ ባሌና አርሲ ላይ አዲስ የግንድ ዋግ መጥቶ ዲጋሉን መታው። ትናንት የሚቋቋም ዝርያ ዛሬ ላይቋቋም ይችላል፤ ያ ደግሞ መጀመሪያ የሚታወቀው አንተን የመሰለ ሰው ከማሳ በሚልከው ወረቀት ነው።

ሌላው ቶሎ ቶሎ ይጻፍ፦ የተዘራበት ቀን፣ የዩሪያና የኤንፒኤስ መጠን፣ ከስልክህ የወሰድከው የቦታ መለያ። ዩሪያውን ያስጠቀስኩህ ከልክ ያለፈ ዩሪያ ሰብሉን አለምልሞ ጥቅጥቅ ስለሚያደርገው፣ እርጥበት ስለሚይዝ፣ ዋግ ደግሞ ይህንኑ ስለሚወድ ነው።

አሁን ገበሬው ያለህ። እዚህ ላይ ጠንከር ልበልብህ። «አርሶ አደሮቹ የግንዛቤ እጥረት አለባቸው» የሚለውን ሐረግ ከሪፖርትህ አውጣው። ምንም መረጃ የለውም፣ ብዙ ጊዜም እውነት አይደለም። ሰውየው ያለውን በራሱ አፍ ጻፈው፤ ከሥሩ ደግሞ አንተ ያጣራኸውን ለብቻው አስቀምጥ። ያየኸው፣ የሰማኸውና የገመትከው ሦስት ቦታ ይቀመጡ።

ለምሳሌ አንድ ጎልማሳ ገበሬ «አምናም ረጨን፣ መድኃኒቱ አይሠራም፣ ዘንድሮ ብሬን አላወጣም» አለህ እንበል። ይህን ብቻ ከጻፍክ ወረዳው «ገበሬው ኬሚካል አልቀበልም አለ» ብሎ ያነበዋል። ግን ጠይቀው እስቲ። «ጋሼ፣ መቼ ነው የረጩት? በምን ለክተው?» «ስንዴው ዛላ ካወጣ በኋላ ነው። በሃይላንድ ክዳን፣ ለአንድ ፓምፕ ሁለት ክዳን።» ክዳኑን አስመጣና ከእንስሳት ጤና ባልደረባህ በተዋስከው ሲሪንጅ ውኃ እየሞላህ ለካው። 6 ሚሊ ሊትር ገደማ ያዘ እንበል። ሁለት ክዳን 12 ሚሊ ነው።

ስንት መሆን ነበረበት? ፕሮፒኮናዞል ያለበት ቲልት ወይም ቴቡኮናዞል ያለበት ናቱራ ብዙውን ጊዜ ለሄክታር ግማሽ ሊትር ነው የሚባለው፤ አንተ ግን ሁልጊዜ የያዝከውን ዕቃ ጽሑፍ አንብብ፣ ጥንካሬው ሊለያይ ይችላል። ለአንድ ጥማድ 125 ሚሊ ሊትር ሆነ። ለሄክታር 200 ሊትር ውኃ ከተጠቀምክ ለጥማድ 50 ሊትር ነው፤ በ16 ሊትር ፓምፕ ሦስት ሙሌት ግድም። ስለዚህ በአንድ ፓምፕ 40 ሚሊ አካባቢ መግባት ነበረበት። ሰውየው ያስገባው ከሲሶ በታች ነው፣ ያውም ዘግይቶ። መድኃኒቱ እውነትም አልሠራም፤ ሰውየው አልዋሸም።

ሪፖርትህ ላይ ይህ በሦስት መስመር ይገባል፦ «አርሶ አደሩ አምና ረጭተው እንዳልሠራላቸው ተናገሩ። ሲጠየቁ መጠኑ በፓምፕ ሁለት የሃይላንድ ክዳን (ሲለካ 12 ሚሊ ሊትር)፣ ጊዜውም ዛላ ከወጣ በኋላ ነበር። ግምቴ፦ ችግሩ የመጠንና የጊዜ ነው፤ ሌሎች አምስት አባወራዎችም ያንኑ ክዳን እንደሚጠቀሙ ነግረውኛል።» አየህ፣ አሁን ወረዳው መለኪያ ሲሪንጅ ወይም ምልክት ያለው ኩባያ ነው የሚልክልህ፤ ስብሰባ ጠርቶ «ግንዛቤ» አይሰጥም።

አምና የገዙት ኬሚካል ከገበያ፣ ጽሑፉ ከተላጠ ዕቃ የተቀዳ ከነበረም እሱን ለይተህ ጻፍ። ያ የመጠን ጉዳይ አይደለም፤ ሌላ ምክንያት ነው፣ ሌላ እርምጃም ይፈልጋል። የሻጩን ስም በወሬ ላይ ተመሥርተህ አትጻፍ። ዕቃው ካለ ፎቶ አንሳ፣ ከሌለ «ዕቃው አልተገኘም» በል።

አንድ ሌላ ነገር፣ ብዙ ጊዜ የሚታለፍ። ከ11ዱ ውስጥ አንዲት እማወራ አሉ እንበል፣ ሁለት ጥማዳቸውን ለእኩል የሰጡ። እሳቸው «ይረጭ» ብለውሃል፣ አንተም «ተስማምተዋል» ብለህ ሄድክ። አራሹ ግን ሌላ ጎጥ ነው ያለው፣ የኬሚካሉን ግማሽ ዋጋ አላወጣም ካለ ማሳው ሳይረጭ ይቀራል። በኩታ ገጠም መሐል ሳይረጭ የቀረ ሁለት ጥማድ ለጎረቤቱ ሁሉ ብናኝ ሲያመርት ይከርማል። ስለዚህ ማን እንደሚያርስ፣ ማን እንደሚከፍል ጠይቅና ጻፍ። «ባለ መሬቷ ተስማምተዋል፣ እኩል አራሹ ገና አልተነገረውም» የሚል ሐቀኛ መስመር ከ«ሁሉም ተስማምተዋል» ይሻላል።

ቀጣዩ ሥራ ላይ ሰው ሁሉ «ክትትል ይደረጋል» ብሎ ይጽፋል። ማን ነው የሚያደርገው? ይህ ተደራጊ ግሥ የሪፖርት ጠላት ነው፤ ባለቤት የለውም። እያንዳንዱ ሥራ ባለቤት፣ ቀን እና «መሠራቱን በምን እናውቃለን» የሚል ነገር ይኑረው። በምሳሌያችን ሒሳቡን ሠርተህ አቅርብ፦ 4.5 ሄክታር በግማሽ ሊትር 2.25 ሊትር ይፈልጋል። ማኅበሩ መጋዘን ደርሰህ ጠየቅህ፣ 1 ሊትር ብቻ አለ። የጎደለው 1.25 ሊትር ነው። «ኬሚካል እጥረት አለ» ሳይሆን «1.25 ሊትር ጎድሎናል፣ እስከ መስከረም 10 ማታ ቢደርስ» በል። ያለው 1 ሊትር ስምንት ጥማድ ይሸፍናል፤ ለማን ይሁን የሚለውንም አንተ ሐሳብ አቅርብ፣ ማሳውን ያየኸው አንተ ነህና። እኔ ብሆን ዋጉ ወደ ላይኛው ቅጠል እየወጣ ላለበትና ዛላ ሊያወጣ ለተቃረበው እሰጣለሁ። ዘግይተው የዘሩትና ገና ምልክት ያልታየባቸው በየሦስት አራት ቀኑ እየታዩ ትንሽ መቆየት ይችላሉ፤ ፍሬው የጠነከረ ካለ ከዝርዝሩ ይውጣ።

ቀን ስትቆርጥ የቀን መቁጠሪያውን በገበሬው ዓይን እይ። መስከረም 12 ብለህ ከጻፍክ ሚካኤል ነው፣ አብዛኛው ሰው አይረጭም፤ አንተም በማግስቱ «አርሶ አደሩ አልተባበረም» ትላለህ። ለመስከረም 11 ጠዋት ቅጠር። ጤዛው ረገፍ ሲል፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ከሰዓት ዝናብ ሳይመጣ። ጎጡ ውስጥ ያሉት ፓምፖች ሁለት ከሆኑና አንዱ አፉ ላይ የሚያንጠባጥብ ከሆነ እሱንም አሁኑኑ ጻፈው። ባዶ ዕቃውን ማን እንደሚሰበስብም ይወሰን፤ ካልሆነ የጠላ መጥለቂያ ሆኖ ታገኘዋለህ።

ሁለተኛው ጉብኝት መስከረም 22 ይሁን፤ 21 ግሸን ማርያም ናት፣ 23 ጊዮርጊስ። ያኔ የምታየው «ዋጉ ጠፋ ወይ» የሚለውን አይደለም። ቀድሞ የወጣው ቁስል ተረጭቶም ጠባሳው አይጠፋም፤ ገበሬው «ያው ነው» የሚልህም ለዚህ ነው። የመጨረሻውን ቅጠል ነው የምታየው። እሱ ንጹሕ ከሆነ፣ የድሮው ቁስልም ደርቆ ስታሸው ዱቄት ካልሰጠ፣ ሠርቷል። አዲስ ቢጫ ዱቄት የመጨረሻው ቅጠል ላይ ካገኘህ አልሠራም፤ ያኔ መጠኑን፣ የረጨውን ሰው፣ ከተረጨ በኋላ ስንት ሰዓት ቆይቶ ዝናብ እንደጣለ ጠይቅ። በተቻለ መጠን ያንኑ ማሳ፣ ያንኑ አምስት ቦታ ቁጠር። አለበለዚያ 44 በመቶህን ከምን ጋር ታወዳድረዋለህ?

ቅጹ ቦታ የለውም ላልከው፣ ቅጹን እንዳለ ሙላና ሌላውን ከጀርባው ጻፍ፤ የጀርባውን ገጽ «አይፈቀድም» ያለህ ሰው የለም። ፎቶ ሦስት ይበቃል፦ አንድ የማሳው አጠቃላይ፣ አንድ ቅጠሉ ከቅርብ ከጣትህ ጋር (ጣትህ ላይ ዱቄቱ ይታይ)፣ አንድ የኬሚካሉ ወይም የዘሩ ዕቃ ጽሑፍ። ከገበሬው ጋር ቆመህ የተነሳኸው እዚያው ስልክህ ላይ ይቅር።

የመጀመሪያውን መስመር ደግሞ እንዲህ አድርገህ ብትጀምረው ሱፐርቫይዘርህ «ምን ላድርግ» አይልህም፦ «ቢጫ ዋግ በ18 ጥማድ ኩታ ገጠም ስንዴ ላይ ታይቷል፣ ዛላ ሊወጣ ነው፣ 1.25 ሊትር ኬሚካል እስከ መስከረም 10 ያስፈልገናል፤ ዝርዝሩ ከታች አለ።» ከዚያ በታች ያለውን ባያነብ እንኳ ስልኩን ያነሳል።